ከስኒው ወደ ብርጭቆው

እሺ... ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራችሁ ነበር፣ ግን የእሁዱ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ታናሼ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ነግሬያችኋለሁ። እሁድ ቡና ላይ ቁርጠት ያዛት። አክስቴ ምንም ሳትል ተነስታ ከጓሮ እፍኝ ሙሉ ጤና አዳም ቆርጣ መጣች። ወቀጠችው፣ በነጠላ ጨርቅ ጨመቀችው። ያ አረንጓዴ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል እስካሁን ይሰማኛል። "ጠጪ የኔ ልጅ፣ እኔም እናትሽም በዚህ ነው የወለድነው" አለቻት። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዝም አልኩ። ጠጣችው።

ዝም አልኩ እኮ። እያወቅኩ።

ስኒ ላይ ጣል የምትደረገው ዘለላና ያ ብርጭቆ አንድ አይደሉም። ቅጠሉ ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል፤ በአይጥ ላይ ሲሞከርም ጽንስን ጎድቷል። ለነፍሰ ጡር ግን "እስከዚህ ድረስ አይጎዳም" የሚባል መጠን የለም፣ ማንስ በነፍሰ ጡር ላይ ይሞክራል? "ከጥንት ጀምሮ ይጠጣል" ይባላል። አዎ፣ ግን ለምን? በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኖስ የጤና አዳምን የቅርብ ዘመድ የጻፈው ጽንስ ለማስወረድ ነው። በላቲን አሜሪካም ሴቶች ለዚሁ ይጠጡታል። የጥንቱ ልምድ ራሱ "ተጠንቀቁ" እያለ ነው።

አክስቴ የምትቆጥረው የወለደቻቸውን ነው። ያው እሷው ራሷ ግን "ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል" ብላኛለች፤ ያን ሳምንት ምን ጠጥታ እንደነበር የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ከታወቁ እርግዝናዎች ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይወርዳሉ፣ አብዛኛው በራሱ ምክንያት። ስለዚህ አንዱ በቅጠል ቢወርድ በምን ይለያል? ነፍሰ ጡሮች ይወስዱት የነበረው ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን ውስጥ ገበያ ወጥቶ በ1961 ከገበያ የተነሳው ሕፃናቱ እጅና እግራቸው አጥሮ ስለተወለዱ ነው፤ በዓይን ይታያል። የወረደ ጽንስ ምን መልክ አለው?

ከዚያ ደግሞ ስትወልድ የአብሽ ውሃ ይመጣል፣ ወተት ያበዛል ተብሎ። የእናት አብሽ የሕፃኑን ሽንት ጣፋጭ ጣፋጭ ሊያሸተው እንደሚችል ታውቃላችሁ? ከባድ የዘር በሽታም እንደዚያ ይሸታል፤ አብሽ መጠጣቷን ካልነገረች ሐኪሙ በከንቱ ይደነግጣል። ይሄ እንኳን ይደርሳል፣ ገና ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላው... በሦስት ወር ቁርጠት ሲመጣ መታየት ነበረበት። ደም ካለ፣ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሄዶ የጠጡትንም መናገር ነው። እኛ ብርጭቆ ሰጠናት።

ማታ ደወልኩላት። "ደህና ነኝ፣ ተወኝ" አለች። ደህና ናት፣ ይመስለኛል። ለአክስቴ ግን ምን ብዬ... እጇ እኮ ነው ያሳደገኝ። ያን ሁለቱን ላንሳባት? ቆይ፣ እህቴ እየደወለች ነው...