ፓስፖርቱ 5,000 ብር ነው፤ መንገዱስ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬ ሒሳብ ነው የምንሠራው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ስልክ ላይም ይቻላል፤ ግን ወረቀት ሲሆን እናትም አባትም አብረው ያዩታል።

አንዲት ልጅ በሕጋዊ መንገድ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ነው እንበል። አውሮፕላን ላይ እስክትወጣ ከኪሷ ስንት ይወጣል? ብዙ ሰው ሲጠየቅ የፓስፖርቱን ዋጋ ይነግራችኋል። እዚያው ያቆማል።

እስቲ ዶሮ ወጥን አስቡ። የበዓል ሰሞን ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው "ዶሮ ስንት ገባ?" ብሎ ነው። ስለ ሽንኩርቱ ማን ይጠይቃል? ግን ድስቱን የሚሞላው ሽንኩርቱ ነው። ኪሎ በኪሎ ትልጣላችሁ፣ ትከትፋላችሁ፣ ታቁላላላችሁ። ከዚያ ይሟሟል። ወጡ ሲቀርብ ዶሮዋ ትታያለች፣ እንቁላሉ ይታያል፣ ሽንኩርቱ የለም። ሽንኩርት ያነሰበት ወጥ ግን ወጥ አይደለም።

ፓስፖርቱ ዶሮዋ ነው። ሽንኩርቱ መንገዱ ነው። በመጨረሻ ፓስፖርቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ታዩታላችሁ፤ የትራንስፖርቱ ብር ግን ሟሟ፣ የት እንደገባ አይታወቅም። ለዚህ ነው "ብሩ በረካ የለውም" የምንለው። በረካ አጥቶ አይደለም፣ ስላልቆጠርነው ነው።

ዶሮዋን ቶሎ እንለፋት፣ ታውቋታላችሁ። መደበኛ አዲስ ፓስፖርት ከ2,000 ወደ 5,000 ብር አድጓል። አስቸኳይ ካላችሁ በአምስት ቀን 20,000፣ በሁለት ቀን 25,000 ነው። ስለዚህ ቀድሞ መጀመር ብቻውን 15,000 ብር ያተርፋል። የፓስፖርቱን ፎቶ እዚያው ቢሮው ያነሳችኋል። ለሌሎቹ ቢሮዎች ግን ጉርድ ፎቶ ይፈለጋል፤ አንዴ ብዙ አሳትሙና ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ። የልደት ካርድ፣ የጤና ምርመራና የሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተና፣ ክፍያም አለ።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። ልጅቷ ከደሴ ራቅ ካለች ገጠር ናት እንበል። ደሴ ደርሶ መልስ 400 ብር፣ ምሳና ሻይ 150፣ ኮፒ 50። አንድ ጉዞ 600 ብር። ስንት ጊዜ ትመላለሳለች? ለፓስፖርት ሁለት፣ አሻራ ለመስጠትና ለመቀበል። ለጤና ምርመራ ሁለት። ለሲኦሲ ፈተናና ውጤት ሁለት። ለኤጀንሲና ለውል ሁለት። ስምንት ጉዞ በ600፣ 4,800 ብር። ፓስፖርቱን ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው!

ብቻዋን አትሄድም፣ እናቷ አብራ ትሄዳለች። ለእናት መሳፈሪያና ምግብ 550 ጨምሩ። አንዱ ጉዞ 1,150፣ ስምንቱ 9,200 ብር። ዋጋውን በራሳችሁ መንገድ ቀይሩት፤ ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

ጉዞ የሚያበዛው ደግሞ ስም ነው። በልደት ካርዱ "ፋጡማ"፣ በመታወቂያው "ፋጤ" ከሆነ ትመለሳላችሁ። የአያት ስም ካልተመሳሰለም እንዲሁ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉና ፊደል በፊደል አንብቡ። ምርመራውንም አታስቀድሙ። የምርመራ ውጤት ጊዜው ያልፍበታል፤ ካለፈ እንደገና ከፍላችሁ፣ እንደገና ተሳፍራችሁ ነው።

እዚህ ጋ ላቁም፤ ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ አለ። "ለኤጀንሲ ስንት ልያዝ?"

ዜሮ። ዜሮ ነው ጻፉ።

በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ መሠረት ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ በአሠሪው ላይ ነው። በእናንተ ላይ ያለው እንደ ፓስፖርት፣ ልደት ካርድ፣ ጤና ምርመራና ሲኦሲ ያለው ነው። ኤጀንሲው ገቢውን ከአሠሪው ወገን ያገኛል።

"ግን ጎረቤቴ 30,000 ከፍላ ነው የሄደችው" ትሉኛላችሁ። አምናለሁ። የተቀበላት ግን ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ደላላ ነው። ደላላና ኤጀንሲ አንድ አይደሉም። ኤጀንሲ ፈቃድ አለው፣ ቢሮ አለው፣ ስሙ ውሉ ላይ አለ። ደላላው ካፌ ያገኛችኋል፣ "ትኬት ተወዷል፣ ግማሹን አግዙ" ይላል፣ ደረሰኝ ስትሉት ይቆጣል። አንዳንዱ "እኔ ልክፈልላችሁ፣ ከደሞዝ ትመልሳላችሁ" ይልና ፓስፖርቱን ይይዛል። እባካችሁ ፓስፖርታችሁን ለደላላ አትስጡ። የኤጀንሲውን ስም ይዛችሁ የሥራና ክህሎት ቢሮ ሂዱና ፈቃዱ የጸና መሆኑን ጠይቁ። ይህ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ነው፣ ለብቻ 600 ብር፣ ከእናት ጋር 1,150። ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ከእናንተ ውስጥ ጨርሳ የሄደች ካለች፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ከታች ትጻፍልን፤ ከየት ከተማ እንደሆነም ጨምሩ። በሚቀጥለው ቪዲዮ የሲኦሲ ፈተናውን እናያለን፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።