ክዳኑ ያበጠ የፎሶሊያ ጠርሙስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሽምብጥ የደወሉ እናት

«በጥር የመስኖ ፎሶሊያ ረከስ ሲል ገዝቼ፣ ለጾሙ ይሆነኛል ብዬ በስምንት የማር ጠርሙስ ከጨው ውሃ ጋር አሸግሁት። ጠርሙሶቹን ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት ቀቅያቸዋለሁ። አሁን የሁለቱ ክዳን ወደ ላይ አብጧል፤ የአንዱም ውሃ ደፍርሷል። አንዱን ከፍቼ ሳሸተው ምንም አይልም። ደግሜ ባፈላው ይበላል?»

አይበላም፣ እናቴ። ያበጡት ሁለቱ ብቻ ሳይሆኑ ስምንቱም አይበሉም። የከፈቱትን እንዳይቀምሱት፣ በማንኪያ ጫፍም ቢሆን። በጥሩ ልብ ለቤተሰብዎ ያዘጋጁትን ነገር ጣሉት ማለት ለእኔም ይከብደኛል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ልንገርዎት።

በአፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ አለ። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው መርዝ የሚመነጨው ከእሱ ነው። ኑሮ ሲከብደው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ እንደ ዘር ይተኛል፤ ባለሙያዎች ስፖር ይሉታል። ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች ከአፈር ጋር የሚነካኩ ስለሆኑ፣ ደህና አድርገው ቢታጠቡም ጥቂት ስፖር ይቀራል። ትኩስ ፎሶሊያ ብንበላ ይህ ጤነኛ አዋቂን አይጎዳም፤ ስፖሩ ተኝቶ ገብቶ ተኝቶ ይወጣል። አደጋው የሚጀምረው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው፦ አየር የሌለበት ቦታ፣ ኮምጣጣ ያልሆነ እርጥብ ምግብ፣ እና እንደ ባሕር ዳር ያለ ሞቅ ያለ ክፍል። የእርስዎ ጠርሙስ ሦስቱንም አሟልቶ ሰጥቶታል። ብዙ ሰው ክዳኑ አየር ስቦ ጥብቅ ሲል «ተዘግቷል፣ አይበላሽም» ብሎ ይረጋጋል። ለዚህ ባክቴሪያ ግን አየር የተወገደበት ጠርሙስ የሚመኘው ቤቱ ነው።

«አንድ ሰዓት ቀቅያለሁ» ማለትዎ እዚህ ላይ ይመጣል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከተማችን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የእኛ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ቢያነዱበትም ከዚያ አይዘልም፤ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስፖሩን በደቂቃዎች ውስጥ ለመግደል ደግሞ ከ116 እስከ 121 ዲግሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት መቀቀሉ ሌሎቹን ተሕዋስያን ጨረሰና ለዚህኛው ሜዳውን ለቀቀለት።

አንዳንዱ ዓይነት ሲራባ ጋዝ ያወጣል፤ ክዳኑን ወደ ላይ የገፋው ያ ነው። ሌላው ዓይነት ጋዙ ትንሽ ስለሆነ ክዳኑ እንደተጫነ ይቀራል፤ ውሃውም ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። መርዙ ራሱ ሽታም ጣዕምም የለውም። ያላበጡትን ስድስት ጠርሙሶች ደህና ናቸው እንዳልል የሚከለክለኝ ይህ ነው፤ ስምንቱም ከአንድ ፎሶሊያ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ድስት የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ምልክት ሰጥተውናል፤ የቀሩት ላይሰጡ ይችላሉ።

ደግሞ ስለ ማፍላት፦ እውነት ነው፣ መርዙ እንደ ስፖሩ ጠንካራ አይደለም፤ በደንብ የፈላ ውሃ ያጠፋዋል። ይህን የሰሙ ሰዎች ያበጠውን ጠርሙስ ለማዳን ይጠቀሙበታል። እኔ አልመክርም። ያበጠ ክዳን ሲከፈት በግፊት ይረጫል፤ ጠብታው እጅ፣ ቢላዋና እንጀራ ላይ ያርፋል። ወጡ በደንብ ሳይፈላ ጨውን የሚቀምስም አይጠፋም። ለአንድ ወጥ ፎሶሊያ ይህን ያህል አደጋ አይገባም።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ያልተከፈቱትን ሰባቱን አይክፈቷቸው። ጓንት አድርገው በሁለት ወፍራም ፌስታል ደርበው ጥብቅ አድርገው ይሰሩና፣ ልጅ፣ ውሻና ዶሮ በማይደርሱበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ ወይም ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይስጡ። ለከብት መስጠትም ሆነ ወደ ቦይና ወደ ሐይቁ ዳር መድፋት አይገባም። የከፈቱትን ደግሞ ጠርሙሱን፣ ክዳኑንና ፎሶሊያውን አንድ ላይ ቀስ ብለው ትልቅ ድስት ውስጥ አጋድመው ያስገቡ። ሁለት ሦስት ጣት ያህል ውሃ እስኪያልፈው ይሙሉ፤ ውሃውን ሲያፈሱ እንዳይረጭ። ከድነው ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ ሲቀዘቅዝ ይጣላል። ጠርሙሱ የቆመበትን ጠረጴዛ አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ በጥብጠው ያርጥቡት፣ 30 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ ይጥረጉት። መስኮት ይክፈቱ፤ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ። የጠረጉበት ጨርቅና ስፖንጅ አብሮ ይጣል።

ከዘጌ የደወሉ አባወራ

«እኛም ቤት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ነበር። ባለቤቴ ትናንት ማታ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ዋጠችው። ዛሬ ደህና ናት። ምን እንጠብቅ?»

አትጠብቁ፣ ወንድሜ። ዛሬውኑ በጀልባም ሆነ በመኪና ወደ ባሕር ዳር ይዘዋት ይምጡ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገብተው የመጀመሪያው ቃልዎ «ቤት ውስጥ በጠርሙስ የታሸገ፣ ክዳኑ ያበጠ አትክልት ቀምሳለች» የሚል ይሁን። ይህን በሽታ ሐኪም በየቀኑ አያየውም፤ ካልነገሩት በስትሮክ ወይም በስካር ሊጠረጥር ይችላል። የተረፈውን ጠርሙስ ከድነው፣ በሁለት ፌስታል አስረው ይዘውት ይምጡ።

ደህና መሆኗ ለጊዜው ደስ ይላል፤ ግን ማረጋገጫ አይደለም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በስድስት ሰዓት የታየበት፣ እስከ አሥር ቀንም የዘገየበት አለ። ማስታወክና የሆድ ሕመም ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ ዋናው ግን ከፊት የሚጀምር ድካም ነው። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል፤ የዓይኗ ቆብ ይወርዳል፤ አፏ ይደርቃል፤ ምላሷ ይተሳሰራል፤ ምራቅ መዋጥ ያቅታታል። ከዚያ ድካሙ ወደ አንገት፣ ወደ ክንድ፣ ወደ ደረት ይወርዳል። ትኩሳት አይኖራትም፤ አእምሮዋም አይደበዝዝም፤ ሁሉን ትሰማለች። የሚያስፈራው መተንፈሻ ጡንቻዎች ሲደክሙ ነው።

ለዚህ በሽታ ፀረ መርዝ አለ። በደም ውስጥ ያለውን መርዝ ይይዛል፤ ነርቭ ላይ የተጣበቀውን ግን አያስለቅቅም። ስለዚህ ዛሬ መድረስና ነገ መድረስ እኩል አይደሉም። እንድታስታውክ አያስገድዷት፤ ወተትም ሆነ አረቄ አያጠጧት። አጠገቧ መቀመጥ አያስፈራዎት፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሯት የቀመሰ ልጅ ካለ ግን እሱንም ይዛችሁ ኑ።

ከጊሽ ዓባይ የደወለ ወጣት

«የእኔ ካሮት ክዳኑ አላበጠም፤ ውሃው ብቻ ደፈረሰ። ጨው ይሆን?»

ሊሆን ይችላል። ለገበታ የሚሸጥ ጨው ውስጥ እንዳይጓጉል የሚጨመር ነገር ውሃ ያደፈርሳል፤ ማዕድን የበዛበት ውሃም፣ የአትክልቱ ስታርችም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ድፍርስ የሚታየው ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም ታች ይረጋል። ውሃው ሳምንታት ጥርት ብሎ ከርሞ በኋላ ከደፈረሰ፣ ወይም ጥቃቅን አረፋ ወደ ላይ ከወጣ፣ ውስጡ የሚራባ ነገር አለ። ይህ ልዩነት ግን በትክክለኛ ሙቀት ለተዘጋጀ ጠርሙስ እንጂ በፈላ ውሃ ብቻ ለተቀቀለ አይጠቅምህም። የአንተን እንዴት እንዳዘጋጀኸው አልነገርከኝም፤ በተራ ድስት ቀቅለኸው ከሆነ ጥርት ቢልም ጣለው።

ከሽምብጥ የደወሉት እናት በድጋሚ

«ታዲያ ፎሶሊያውን ለጾም እንዴት ላቆየው?»

በውሃ ማሸግ ከፈለጉ መንገዱ የግፊት ማሸጊያ ድስት ነው። ወጥ የምንቀቅልበት ትንሹ ፕሬዠር አይደለም፤ እሱ ቶሎ ሞቆ ቶሎ ስለሚበርድ የተሞከሩት የሰዓት ልኮች አይሠሩለትም። በማሸጊያው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ እንፋሎቱ እንዲወጣ ይለቀቃል። ከዚያ በ15 ፓውንድ ግፊት፣ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 20 ደቂቃ፣ የአንድ ሊትር 25 ደቂቃ ይቆያል። ድስቱ በከተማችን በቀላሉ የሚገኝ ስላልሆነ አላስጨንቅዎትም።

እኔ የምመርጥልዎት አቼቶ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ አሲድ የሚል የታሸገ አቼቶ ይግዙ፤ ቤት የተጣለ አይሆንም፣ ልኩ አይታወቅምና። አምስት ኩባያ አቼቶ፣ አምስት ኩባያ ውሃና ግማሽ ኩባያ ጨው አብረው ያፍሉ። ጥሬውን ፎሶሊያ ከጥቂት ነጭ ሽንኩርት ጋር በንጹሕ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቀጥ አድርገው ይደርድሩ፤ ፈሳሹን አንድ ጣት ያህል አጉድለው ይሙሉበት። ከድነው በፈላ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። እስከ 1,830 ሜትር ከፍታ 10 ደቂቃ በቂ ነው፤ ባሕር ዳር ለዚያ ልክ በጣም ስለምትቀርብ 15 ደቂቃ ያድርጉት። እዚህ የፈላ ውሃ የሚበቃው ስፖሩ በኮምጣጣ ውስጥ መብቀል ስለማይችል ነው። አቼቶውን «ኮመጠጠብኝ» ብለው አይቀንሱ፤ ጣዕሙ ካላማረዎት ሲያወጡት አጥበው ይሥሩበት። በአቼቶ ፋንታ ሎሚ አይጭመቁበት፤ የአንዱ ሎሚ ኮምጣጣነት ከሌላው ይለያያል።

ከዚያ ውጭ ጥንታዊው ማድረቅ አለ። እናቶቻችን ቋንጣውንም በርበሬውንም በፀሐይ ያቆዩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እርጥበት በሌለበት ይህ ባክቴሪያ አይራባም። ፎሶሊያውን በአጭሩ ቆርጠው አራት ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ ያለዝቡት፣ በንጹሕ ወንፊት ላይ በስስ ጨርቅ ሸፍነው ተሰባሪ እስኪሆን ያድርቁት። ፍሪዘር ካለዎትም ያንኑ አለዝበው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አብርደው ያስገቡት። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ የሞላ ፍሪዘር ሁለት ቀን ያህል ይይዛል። በረዶው ቀልጦ ፎሶሊያው ሞቅ ብሎ ካገኙት ግን መልሰው አያቀዝቅዙት።