ሁለተኛ ቤት ከመግዛታችን በፊት

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምናገረው መኖሪያ ቤት ለሌለው ሰው አይደለም። እርሱ ከኪራይ ይገላገል፤ ሐሳቡ ሌላ ነው። እኔ የምናገረው እዚሁ ደብረ ማርቆስ የሚኖርበት ቤት እያለው፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለትርፍ ብሎ ሁለተኛ ቤት ላይ ሊያውል ለተነሳ አባል ነው።

ሁለት ሚሊዮን ብር አለው እንበል። ዋጋውን ተደራድሮ በዚሁ ጨረሰ። የቴምብር ቀረጥ ከመቶ 2 ነው፤ 40,000 ብር። ደላላውም ከመቶ 2 ቢወስድ ሌላ 40,000። ጣሪያ፣ ቀለምና ቁልፍ ሲጨመር 60,000 ቢወጣ፣ አንድም ተከራይ ሳይገባ ወጪው 2,140,000 ብር ደረሰ። ቤቱን በወር 9,000 ብር አከራየው። ተከራይ ሲለቅ አንዱ ወር ባዶ ያልፋል፤ ስለዚህ የአሥራ አንድ ወር ኪራይ 99,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለጥገናና ለኪራይ ግብር 24,000 ብንቀንስ በእጁ የሚቀረው 75,000 ብር ነው፤ ካወጣው ገንዘብ ከመቶ 3.5 ገደማ። ያው ገንዘብ በባንክ የቁጠባ ሂሳብ በዝቅተኛው የወለድ ተመን፣ ከመቶ 7፣ ቢቀመጥ ግብር ሳይቀነስ ወደ 150,000 ብር ያመጣ ነበር።

«ቤቱ እኮ ዋጋው ይጨምራል፣ ብሩ ግን ይሟሟል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ ከመቶ 30 በላይ ሲሆን ከመቶ 7 ወለድ የወሰደ ሰው ከስሯል፤ ቤት የገዛው ግን ራሱን አድኗል። እንግዲያው የቤት ትርፍ ከኪራዩ ሳይሆን ከዋጋው ጭማሪ ነው የሚመጣው። ጭማሪው ደግሞ ቤቱ ሲሸጥ ብቻ ነው ኪስ የሚገባው። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ልጅ ታሞ አዲስ አበባ ይታከም ቢባል፣ 200,000 ብር ለማግኘት የቤቱን አንድ ክፍል ነጥሎ መሸጥ አይቻልም። ገዢ ይፈለጋል፤ የዕዳና እገዳ ማጣራት፣ የትዳር ጓደኛ ፈቃድ፣ የውል ምዝገባና የስም ዝውውር ይከተላል። ሻጩ መቸኮሉን ያወቀ ገዢ ደግሞ ዋጋውን ይሰብራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ውስጥ መንገድ ሲዘጋ የቤት ገበያውም አብሮ ሲቆም አይተናል። በዚያ ወቅት የቤቱን ዋጋ የሚናገር ሞልቷል፤ ከፍሎ የሚገዛው ነው የጠፋው።

ከዚህ የሚብሰው ሁሉም ነገር አንድ ቦታ መከማቸቱ ነው። የእኛ አባል ደመወዙ ከዚሁ ከተማ ነው፤ የሚኖርበት ቤት እዚሁ ነው፤ ተከራዮቹ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ናቸው፤ የወላጆቹ ማሳም ደጀን አካባቢ ነው። ከተማው ሲታመም ደመወዙ ይዘገያል፣ ተከራዩ ይሄዳል፣ ገዢው ይጠፋል፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት። የጎጃም ገበሬ እንኳ በረዶ አንዱን ቢመታ ሌላው እንዲተርፍለት ደጋና ቆላ ማሳ ቢኖረው ይመርጣል።

የገንዘብ ሀብት፣ እንደ አክሲዮንና መንግሥት ለአጭር ጊዜ እንደሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ያለው፣ ይህን መከማቸት ይቀንሳል፤ ሁሉም በቶሎ ይሸጣል ግን አልልም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ገና ልጅ ነው። ገበያው ላይ ያልተመዘገበ የባንክ አክሲዮን ገዢው እስኪገኝ አንዳንዴ ከቤት ባልተናነሰ ያስጠብቃል፤ የትርፍ ድርሻውም በየዓመቱ ይለያያል። ጥቅሙ መከፋፈሉ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮን ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው። በዚህ መጠን የሚገዛ ሀብት ባለቤቱን ጎጃም ላይ ብቻ አያስረውም። የግምጃ ቤት ሰነድ ደግሞ ከ28 እስከ 364 ቀን ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል።

እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን የስድስት ወር ወጪዬን በቁጠባ ሂሳብ አኖራለሁ፤ የቀረውን በግምጃ ቤት ሰነድና በተለያዩ ኩባንያዎች አክሲዮን እከፍለዋለሁ። የግድ ሁለተኛ ቤት ካልኩም ከደመወዜ ከተማ ውጭ ያለውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን እንኳ አልለሳልስም። ከከተማው ዳር ከገበሬ ላይ በመንደር ውል «መሬት ገዛሁ» የሚል አባል አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት ካርታ አይሆንም፤ ባንክም በመያዣነት አይቀበለውም፤ ማዘጋጃ ቤት ቦታውን ለሌላ ሥራ ሲፈልገው ካሣው ለገበሬው እንጂ ለእናንተ አይከፈልም። ቅድሚያ ክፍያ ልትሰጡ ከሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ነገ ጠዋት ቢሮ ኑ፤ ከሒሳብ ሹሙ ጋር አብረን እናየዋለን።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው አባል እጁን ያውጣ።