የወጪ መተኪያ ደብዳቤ፦ የ4,000 ብሩ ጣጣ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ደሴ ነው የምሠራው፣ በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የፋይናንስ ኦፊሰር ነኝ። ዛሬ የማሳያችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ከራሳችን ኪስ ያወጣነውን ገንዘብ ለጋሹ እንዲተካልን ደረሰኞቹን አባሪ አድርገን የምንልክበት ደብዳቤ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ይቺ ደብዳቤ ተመልሳብኛለች። ካሉ ወረዳ ላይ ምንጭ እናጎለብት ነበር፣ ቧንቧውን የገዛነው ከኮምቦልቻ ነው። ዋጋው 200,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 230,000። ደረሰኙም 230,000 ይላል። ቼኩ ግን የወጣው በ226,000 ነው።

4,000 ብሩ የት ገባ? ዊዝሆልዲንግ ነው። በዚያን ጊዜ ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ 2 በመቶ ቀንሰን ለገቢዎች እናስገባ ነበር። እኛ ቤት ይሄን የማያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ የለም። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተቀምጦ ወረቀታችንን የሚያየው ሰው ግን ደረሰኙ ላይ 230,000፣ የባንክ ስቴትመንቱ ላይ 226,000 ያያል፤ ደብዳቤዬ ደግሞ ስለ ልዩነቱ አንድም ቃል አልተናገረም። “ልዩነቱን አብራሩ” ብለው መለሱት። እስክናብራራ ድረስ ገንዘቡ ቆመ፣ የቆመው ደግሞ ለሌላ ሥራ ያሰብነው ገንዘብ ነበር።

አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው። ስክሪኑን እዩት፦

> ቀን፦ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም (ጁላይ 14፣ 2025)
> ጉዳዩ፦ የወጪ መተኪያ ገንዘብ እንዲላክልን ስለመጠየቅ
>
> በስምምነት ቁጥር …… መሠረት ከመጋቢት 23 እስከ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም (ከኤፕሪል 1 እስከ ጁን 30፣ 2025) ያወጣነው ወጪ ብር 371,500 ነው። ዝርዝሩ፦ የቧንቧ ግዥ 230,000፤ የመኪና ኪራይ 57,500፤ ለውኃ ኮሚቴ አባላት ሥልጠና የውሎ አበል 84,000።
>
> ከዚህ ውስጥ ብር 366,500 ለሻጮችና ለሠልጣኞች ተከፍሏል። ቀሪው ብር 5,000 ከቧንቧው 4,000፣ ከመኪና ኪራዩ 1,000 በዊዝሆልዲንግ ተቀንሶ ለገቢዎች ገብቷል፤ ደረሰኙ በአባሪ ገጽ 18 ይገኛል።
>
> ስለሆነም ብር 371,500 እንዲተካልን እየጠየቅን 43 ገጽ አባሪ ልከናል።
>
> ከሰላምታ ጋር

አያችሁ፣ ሁለተኛዋ አንቀጽ ናት ሥራውን የሠራችው። የሚጠየቀው ሙሉው 371,500 ነው፣ ምክንያቱም ግብሩም ከኛው ገንዘብ ነው የወጣው። በባንክ ከወጣው ብቻ ተነስታችሁ 366,500 ከጠየቃችሁ 5,000 ብር ከድርጅታችሁ ላይ ይቀራል። ቫቱን ግን ሁሉም ለጋሽ አይተካም፣ ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፋችሁ በፊት ስምምነቱ ላይ ምን እንደሚል እዩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሰኔን ዊዝሆልዲንግ ገቢ የምናደርገው በሐምሌ ስለሆነ የገቢዎች ደረሰኝ ቀኑ ከጁን 30 በኋላ ይሆናል። አብሽሩ፣ ችግር የለውም፤ ወጪው የሰኔ ነው። ግን ይሄንንም ከዝርዝሩ ግርጌ በአንድ መስመር ጻፉት።

ቀንን ካነሳን አይቀር፣ ሌላው ጣጣ እሱ ነው። የመኪና ኪራዩ ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ነበር፣ ቀኑ “3/10/2017” ይላል። እኛ ስናነበው ሰኔ 3 ነው፣ አለቀ። ውጭ አገር ያለው ሰው ግን ኦክቶበር 3፣ 2017 ብሎ ያነበዋል፣ ይሄ ደግሞ ስምምነቱ ከመፈረሙ ከዓመታት በፊት ነው! ስለዚህ ኮፒው ላይ በእርሳስ “ጁን 10፣ 2025” ብዬ እጽፋለሁ፣ የወጪ ዝርዝሩ ላይም ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ዋናው ደረሰኝ ላይ ግን ምንም አትጻፉ፣ ኦዲተር ሲያየው የተነካካ ደረሰኝ ይመስለዋል።

የወሩ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በደንብ ተጠንቀቁ። ሰኔ 23 ጁን 30 ነው። ሰኔ 25 የተቆረጠ ደረሰኝ ለኛ ያው ሰኔ ነው፣ ለለጋሹ ግን ጁላይ 2 ስለሆነ ከሩብ ዓመቱ ውጭ ይወድቃል። አውጡትና ስምምነቱ ገና ካላበቃ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ አስገቡት።

አባሪውን የማስረው በየክፍያው ነው። ለቧንቧው ለምሳሌ የክፍያ ማዘዣው ከላይ ይሆናል፣ ከዚያ የቼኩ ኮፒ፣ ደረሰኙ፣ ንብረት ክፍሉ የፈረመበት የዕቃ መረከቢያ፣ የግዥ ትዕዛዙ፣ የዋጋ ማወዳደሪያውና ሦስቱ ፕሮፎርማ ይከተላሉ። የውሎ አበሉ ላይ የሠልጣኞቹ ፊርማ ያለበት የክፍያ ሊስት ብቻውን አይበቃም፣ የየቀኑን የመገኘት ፊርማም አያይዙ፤ ሦስት ቀን የተከፈለው ሰው ሦስቱንም ቀን ፈርሞ መገኘት አለበት።

ከዚያ ከ1 እስከ 43 የገጽ ቁጥር እጽፍበታለሁ፣ ዋናዎቹን ፋይል አደርጋለሁ፣ ኮፒውን እልካለሁ። የላኩትን ጥቅል ደግሞ እንዳለ ስካን አድርጌ አስቀራለሁ፤ ስልክ ተደውሎ “ገጽ 18 ላይ ያለው ምንድነው?” ሲባል እኔም ያንኑ ገጽ ከፍቼ እመልሳለሁ።