ሰዓቱ የማን ነው? የኦንላይን ሥራ ማስታወቂያን ከማመልከት በፊት ስለ ማንበብ በሐዋሳ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዛሬው ስብሰባ በሁለት ሰዓት እንደሚጀመር በተነገረ ጊዜ ከእናንተ አንዷ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብላ ደውላ እንደነበር አዘጋጆቹ ነገሩኝ። አንዳንዶች ስቀዋል፤ እኔ ግን ጥያቄዋን ወደድኩት። ሳትጠይቅ በፈረንጅ ነው ብላ ብትገምት ኖሮ የምትደርሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኛ አዳራሹን ዘግተን ከሄድን በኋላ ነበር። እኔም ዛሬ የምናገረው በሥራ ማስታወቂያ ውስጥ ስላለችው ስለዚችው «ሰዓት» ስለምትባል ቃል ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የአማርኛ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ፣ በተለምዶ ትራንስክሪፕሽን የምንለውን ሥራ በኦንላይን ለማግኘት እንደምትሞክሩ ስለማውቅ ምሳሌዬን ከዚያው አመጣለሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ ለየላቸው አጭበርባሪዎች ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም እኔም በእነርሱ ተታልያለሁና። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት «40 ገጽ የተቃኘ ጽሑፍ በዎርድ መተየብ፣ ክፍያ 800 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ አገኘሁ። የሥራው ዝርዝር ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም ነበር፤ በተያያዘ ምስል ውስጥ የቴሌግራም አድራሻ ብቻ ነበር። አድራሻው በምስል የተቀመጠው በጽሑፍ ቢሆን ማስታወቂያው የወጣበት ድረ ገጽ ቁጥጥር በቀላሉ ስለሚይዘው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስድስት ቀን ተየብኩ። ሥራውን ሳስረክብ «ክፍያው እንዲለቀቅ የማስለቀቂያ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በኋላ ይመለስልዎታል» ተባልኩና በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ 4 ሺህ ብር አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የቴሌግራም አካውንቱ ጠፋ።

ዛሬ ያንን ማስታወቂያ ባየው ለመጠርጠር አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። አንድ ገጽ ለመተየብ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ 800 ዶላር ለ40 ገጽ ሲካፈል ደግሞ ለገጹ 20 ዶላር ይሆናል። የተቃኘን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም በየስልካችን ባለበት ዘመን ለዚህ ሥራ በሰዓት 40 ዶላር የሚከፍል ሰው ምን ቸግሮት ነው? ውጭ አገር ነኝ የሚል ድርጅት እዚህ አገር ባለ በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ ገንዘብ አስገቡልኝ ማለቱ ደግሞ ምንም ማብራሪያ የማያድነው ምልክት ነው። ለመመዝገቢያ ይሁን፣ ለሥልጠና ይሁን፣ ለመታወቂያ ማረጋገጫ ይሁን፣ አሠሪ ነኝ ባይ ከሠራተኛው ገንዘብ በጠየቀበት ቅጽበት ንባባችሁ ያበቃል።

ስለ አጭበርባሪ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል፤ ምልክቱ ጎላ ያለ ስለሆነ አንዴ የተነደፈ ሰው ይለየዋል። ይልቅ የሚያስቸግረው አሠሪ ሕጋዊ ሆኖ፣ ገንዘቡንም በእርግጥ ከፍሎ፣ ነገር ግን አንድ ወር ሙሉ በማይረባ ዋጋ የሚያሠራው ነው። ባለፈው ዓመት አፕወርክ በሚባለው የኦንላይን ሥራ ድረ ገጽ ላይ ያየሁትን አንድ ማስታወቂያ ወደ አማርኛ መልሼ ላንብብላችሁ፦ «የአማርኛ ትራንስክሪፕሽን የሚሠራ ሰው እንፈልጋለን። 20 ሰዓት ድምፅ አለን። ክፍያው በሰዓት 5 ዶላር ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ጥሩ ለሠራ ሰው ይቀጥላል። ናሙና ላኩ።»

በሰዓት 5 ዶላር ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል፤ ታዲያ ሰዓቱ የማን ነው? እኔ ቁጭ ብዬ የሠራሁበት ሰዓት ነው ወይስ በቅጂው ውስጥ ያለው የድምፅ ሰዓት? በእኛ ሥራ ዋጋ በአብዛኛው የሚቆረጠው በድምፁ ርዝመት ነው፤ ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነገሩ የሚበላሸው ማስታወቂያው ሳይለይ ሲቀርና አመልካቹ በሚመኘው መንገድ ሲያነበው ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ከማመልከቴ በፊት ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ ከዚህ በፊት ከሠራሁት ቃለ መጠይቅ ሁለት ሰዎች በጥራት የሚነጋገሩበትን 10 ደቂቃ ቆርጬ ሰዓቴን ይዤ ገለበጥኩት። መተየቡ 55 ደቂቃ፣ መልሶ እየሰሙ ማረሙ ደግሞ 15 ደቂቃ፣ በድምሩ 70 ደቂቃ ወሰደብኝ። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ድምፅ ለእኔ የሰባት ሰዓት ሥራ ነው ማለት ነው። ከእኔ የፈጠነ ጣት ያላችሁ አምስት ሰዓት ሊበቃችሁ ይችላል፤ ዋናው ነገር የራሳችሁን ልክ ለክታችሁ ማወቃችሁ ነው። 20 ሰዓት ድምፅ በዚህ ስሌት 140 የሥራ ሰዓት ይሆናል። «በሰዓት» ያለው የሥራ ሰዓትን ከሆነ ጠቅላላው 700 ዶላር ነው፤ የድምፅ ሰዓትን ከሆነ ግን 100 ዶላር ብቻ ነው። ማስታወቂያው ያው፣ ቃሉ ያው፣ ዋጋው ግን ሰባት እጥፍ ይለያያል።

100 ዶላሩም ሙሉ በሙሉ እጃችን አይገባም። ድረ ገጹ ከሠራተኛው የሚቆርጠው ድርሻ እንደ ውሉ ስለሚለያይ ለስሌታችን 10 በመቶ ብንይዝ 90 ዶላር ይቀራል። ለማመልከት የምንጠቀምበት ኮኔክት የሚባለው ነጥብም በገንዘብ የሚገዛ ሲሆን የአንዱ ዋጋ 15 ሴንት ነው። ለአንድ ማመልከቻ 12 ኮኔክት ቢወጣ 1 ዶላር ከ80 ሴንት ይሆናል፤ ከአሥር ማመልከቻ አንዱ ብቻ ከተሳካልን ደግሞ ያ አንዱ ሥራ የአሥሩንም ወጪ፣ ማለትም 18 ዶላር፣ መሸከም አለበት። እንግዲህ 72 ዶላር ቀረን። ይህን ለ140 ብናካፍለው በሰዓት 51 ሴንት ይደርሰናል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ብንሠራ እንኳ ከ23 ቀን በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ያውም የመብራትና የኢንተርኔት ወጪው ሳይታሰብ።

ወዲያውኑ ትቼው ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ማስታወቂያው ሁለት ትርጉም ስላለው አሠሪውን ከማማት መጠየቅ ይሻላል ብዬ ማመልከቻዬን በአራት ጥያቄዎች ጻፍኩት። ክፍያው በድምፅ ሰዓት ነው ወይስ በሥራ ሰዓት? በአንድ ቅጂ ውስጥ ስንት ሰው ይናገራል? ንግግሩ ተጣርቶ ይጻፍ ወይስ ማጉተምተሙና ድግግሞሹ ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ? ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ይገባበታል? ይህችን የመጨረሻዋን የማትረሱ እናንተ የሐዋሳ ልጆች ናችሁ፤ በዚህ አካባቢ በተቀዳ ቃለ መጠይቅ ውስጥ ተናጋሪው በመሐል ወደ ሲዳምኛ ሲሻገር፣ ሲዳምኛ የማይችል ገልባጭ በዚያች ሁለት ደቂቃ ግማሽ ቀን ይባክናል።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ክፍያው በድምፅ ሰዓት እንደሆነ፣ ቅጂዎቹ ስድስት ስድስት ሰዎች የተሳተፉባቸው የቡድን ውይይቶች እንደሆኑ፣ ማጉተምተሙም ሳይቀር እንዲጻፍና የእያንዳንዱ ተናጋሪ መነሻ ሰዓት እንዲመዘገብ ገለጸልኝ። «ሥራው ቀላል ነው» የተባለው ይህ ነበር። የቡድን ውይይት 10 ደቂቃ ለእኔ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ማን እንደተናገረ ለመለየት ብቻ አንዱን ዓረፍተ ነገር አራቴ የምሰማበት ጊዜ አለ። አንዱ የድምፅ ሰዓት 11 የሥራ ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ 5 ዶላሩም ገና ምንም ሳይቆረጥለት በሰዓት 45 ሴንት ላይ ወረደ። በድምፅ ሰዓት 40 ዶላር ካልሆነ እንደማልችል ጽፌለት መልስ አልሰጠኝም።

ይህ አሠሪ በገጹ ላይ «Payment verified» የሚል ምልክት ነበረው። ብዙ ሰው በዚህች ምልክት ይረጋጋል። ምልክቷ የምትናገረው አሠሪው የመክፈያ ካርዱን እንዳስመዘገበ ብቻ ነው፤ ለእናንተ ሥራ ገንዘብ አስቀምጧል ማለትም፣ ተመጣጣኝ ይከፍላል ማለትም አይደለም። በቁርጥ ዋጋ በሚሠራ ውል የመጀመሪያው የሥራ ምዕራፍ ገንዘብ በድረ ገጹ ዘንድ በአደራ መቀመጡን ሳታዩ አንድ ፊደል አትተይቡ። ከተቀመጠና ሥራውን በሥርዓቱ ካስረከባችሁ ግን አሠሪው ዝም ቢል እንኳ በ14 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ገንዘቡ ይለቀቃል።

ከምልክቷ ይልቅ እኔ የማየው ከሥሯ ያሉትን ቁጥሮች ነው። ይህ ሰው እስከዚያ ቀን 3 ሺህ ዶላር አውጥቷል፤ ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የቀጠራቸው 60 ሰዎች ስለነበሩ በአማካይ ለአንዱ የደረሰው 50 ዶላር ነው። እርግጥ ነው፣ ትንንሽ ሥራ ብቻ የሚያሠራ ደግ አሠሪም እንዲህ ዓይነት አማካይ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ወረድ ብላችሁ የቀድሞ ሠራተኞቹ የጻፉትን አስተያየት አንብቡ። ገና ምንም ያላወጣ አዲስ አሠሪም ስላለ በባዶነቱ ብቻ አትፍረዱበት፤ እኔን እስከ ዛሬ ከሚያሠሩኝ ሁሉ በክፍያ የተሻለው ሰው ሲቀጥረኝ የመጀመሪያው ሠራተኛው ነበርኩ። ያን ጊዜ ያሳመነኝ ማስታወቂያው ነው፤ የድምፁን ርዝመት፣ የተናጋሪዎቹን ብዛትና የማስረከቢያውን ቀን አንድ በአንድ ጽፎት ነበር።

«ናሙና ላኩ» የምትለዋ ቃልም ትንሽ ትቆየን። ከዚህ በፊት የሠራችሁትን፣ ባለቤቱ የፈቀደላችሁን ጽሑፍ መላክ ምንም ክፋት የለውም። አሠሪው የራሱን 15 ደቂቃ ድምፅ ሰጥቶ በነፃ ገልብጡልኝ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ጓደኛሞች ለአንድ ማስታወቂያ አመልክተን የተላከልንን የፈተና ድምፅ ስናነጻጽር፣ የእኔ የሚያልቅበት ላይ የሁለተኛው ይጀምራል፤ የሁለተኛው የሚያልቅበት ላይ የሦስተኛው። ለፈተና ቢሆን ኖሮ ለሁሉም አንድ ድምፅ ይበቃ ነበር፤ መልሶችን ለማነጻጸርም የሚመቸው እርሱ ነው። ከእኛ ሌላ ስንት ሰው እንደተፈተነ እንጃ፣ ያ ቃለ መጠይቅ ግን ያለ አንድ ሳንቲም ተገልብጦ ሳያልቅ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ደቂቃ በላይ የሆነ ፈተና ሲመጣ ዋጋውን እጠይቃለሁ።

አሁን በየወንበራችሁ ላይ ያለውን ወረቀት ግለጡት። አምስት ማስታወቂያዎች አሉበት፤ የአሠሪዎቹን ስም አጥፍቻለሁ። ከማንበባችሁ በፊት ግን የ10 ደቂቃ ድምፅ እናጫውታለንና ላፕቶፕ የያዛችሁ ክፈቱ፣ ያልያዛችሁም አጠገባችሁ ካለው ጋር ተጠጉ፤ ድምፁ ሲጀምር የጀመራችሁበትን ሰዓት በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ፤ በእኛም ሆነ በፈረንጅ።