የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ሽሮ ይብላ ወይስ ይከልከል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የምግብ ቤት ባለቤቶችና ምግብ አብሳዮች፣ እንዲሁም በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ ታዳሚዎች በሙሉ፤

የተጋበዝኩት ስለ ምግብ አለርጂ በጠቅላላው እንድናገር ነበር፤ እኔ ግን የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ ለአንድ ጥያቄ ማዋልን መርጫለሁ። በሥነ ምግብ ባለሙያነቴ እዚህ አሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ልጃችን የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት ተብለናል፣ ኦቾሎኒ ደግሞ የጥራጥሬ ወገን ነው ይባላል፣ ታዲያ ሽሮና ምስርም እንከልክለው ወይ? ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም የተሳሳተ መልስ ሲሰጠው ልጁን ያለ ምክንያት ከገበታው ያርቃል፣ አለዚያም ለአደጋ ያጋልጠዋል።

ኦቾሎኒ ስል ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ለውዝ የሚለውን፣ በምሥራቅ ሐረርጌ በባቢሌና በጉርሱም አካባቢ በብዛት የሚመረተውን ማለቴ ነው። ተክሉን በቅርብ ላየው ሰው ወገኑ አያሻማም። ቢጫ አበባው የሚያብበው ከመሬት በላይ ነው፤ ዘር ከያዘ በኋላ ግን ከአበባው ሥር እንደ ክር የቀጠነ ዘንግ ይወጣና ቁልቁል አድጎ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ፍሬውም እዚያው መሬት ውስጥ ይበስላል። ቅርፊቱን ስትከፍቱት ፍሬዎቹ እንደ አተር እሸት ተደርድረው ይገኛሉ፤ ቀዩን ስስ ልጣጭ ስታነሱት ደግሞ ፍሬው ልክ እንደ አተር ክክ ለሁለት ይከፈላል። በሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ሁሉ ከአየር ናይትሮጅን የሚያስቀሩ ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው ናቸው። ስለዚህ ኦቾሎኒ ያለ ጥርጥር የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የሽምብራ ዘመድ ነው።

በአንጻሩ የዕፅዋት ሊቃውንት እውነተኛ ለውዝ የሚሉት ሲደርስ በራሱ የማይከፈት ጠንካራ ቅርፊት ያለው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዘር ብቻ የሚይዝ ደረቅ ፍሬ ነው፤ ሄዝልነት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን አልመንድም ከእውነተኛ ለውዝ አይቆጠርም፤ አልመንድ የኮክ የቅርብ ዘመድ ሲሆን የምንበላውም በፍሬው መካከል ያለውን የደንጊያውን ውስጥ ነው። ካሹና ፒስታሽዮም እንዲሁ ናቸው። ይህን የማነሳው የዕፅዋት አመዳደብ ስለ ተክሉ አበቃቀልና ስለ ፍሬው አሠራር የሚነግረን እንጂ የማንን ሰውነት ምን እንደሚያስቆጣ ለመለየት የተበጀ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ሰውነት የሚያውቀው ፕሮቲንን ነው። ማንኛውም ዘር በሚበቅልበት ጊዜ የሚመገበውን ፕሮቲን በውስጡ ያከማቻል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው የመከላከያ ሥርዓት ከእነዚህ የክምችት ፕሮቲኖች የተወሰኑትን እንደ ጠላት ይመዘግባል፤ ከእነርሱም መካከል ባለሙያዎች አራ ኤች 2 የሚሉት ከከባድ ሕመም ጋር ከሁሉ የበለጠ የተያያዘው ነው። ይህ ፕሮቲን የጨጓራን አሲድም የምድጃን ሙቀትም ይቋቋማል። እንዲያውም ኦቾሎኒ ሲቆላ አለርጂ የመቀስቀስ ኃይሉ ይጨምራል፤ ሲቀቀል በከፊል ይቀንሳል፣ ይህም ፕሮቲኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ ነው። ነገር ግን የተቀቀለው አለርጂ ላለበት ሰው ደኅና ነው ማለት ከቶ አይደለም።

አሁን አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እናስብ። ቆሎ ውስጥ የነበረ ኦቾሎኒ በልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ አበጠ፣ ሰውነቱ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣበት፣ አስመለሰው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ በቆዳ ላይ በሚደረገው ምርመራ ኦቾሎኒው ትልቅ እብጠት አሳየ፤ ምስሩና ሽምብራውም ትንሽ እብጠት አሳዩ። ቤተሰቡ ውጤቱን አይቶ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ ፍትፍት ሁሉ ከልጁ ፊት እንዲነሳ ወሰነ። የሚጾም ቤት ከሆነ ለዚህ ልጅ በጾም ወራት የሚቀርለት እንጀራና ጎመን ነው።

ይህ ልጅ ግን ከዚያ ቀን በፊት ሽሮና ምስር ሲበላ ነው ያደገው፤ አንድም ቀን አሞት አያውቅም። በቆዳ ወይም በደም ምርመራ የሚገኝ አዎንታዊ ውጤት የሚናገረው ሰውነት ያንን ፕሮቲን የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል እንዳለው ነው፤ ሲበላው ያመዋል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የጥራጥሬ ፕሮቲኖች ስለሚመሳሰሉ በምርመራ ላይ አብረው ብቅ ይላሉ። በአሜሪካ በተደረገና በ1989 በታተመ ታዋቂ ጥናት፣ ጥራጥሬ በሐኪም ፊት እንዲበሉ ተደርገው ካመማቸው 41 ልጆች መካከል ከአንድ በላይ የጥራጥሬ ዓይነት ያመማቸው 2 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ለዚህ ልጅ የምሰጠው ምክር ግልጽ ነው፤ ሲበላው የኖረውንና ያልጎዳውን ሽሮና ምስር ይብላ፤ በልቶት የማያውቀው ጥራጥሬ በምርመራ ላይ ከታየ ደግሞ ቤት ውስጥ ከመሞከር ይልቅ በአለርጂ ሐኪም ክትትል ሥር ይቅመስ። የምስር፣ የአተርና የሽምብራ አለርጂ በራሱ መኖሩን አልክድም፤ በስፔን ለምሳሌ የምስር አለርጂ በልጆች ላይ በደንብ ይታወቃል፣ እነዚህ ሦስቱም እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይተሳሰራሉ። ምስር በልቶ ያመመው ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ከጥራጥሬዎች ሁሉ አንዱን ግን ለይቼ እንድታወጡት እለምናለሁ፤ እርሱም ግብጦ ነው። ጎጃም ያደገ ሰው ግብጦን ያውቀዋል፤ ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ እንደ ቆሎ የሚበላው ነው። የግብጦ ፕሮቲን ከኦቾሎኒ ፕሮቲን ጋር ያለው መመሳሰል በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ የሚታይ እውነተኛ ሕመም ያስከትላል። በ1994 በታተመ የሕክምና ዘገባ የኦቾሎኒ አለርጂ የነበረባት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የግብጦ ወገን ከሆነ ዘር ዱቄት የተጨመረበት ፓስታ በልታ ሽፍታና እብጠት ደርሶባታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ግብጦን በምግብ ማሸጊያ ላይ የግድ ተለይተው ከሚጻፉት አለርጂ ቀስቃሾች ጋር የመደበው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ከዋና ዋናዎቹ ዘጠኝ አለርጂ ቀስቃሾች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለሆነም ግሉተን በሌላቸው ዳቦዎችና ፓስታዎች ላይ የተዘረዘሩትን ግብዓቶች እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ በእንግሊዝኛ ሉፒን ወይም ሉፒኒ ተብሎ ታገኙታላችሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ መዘፍዘፍ ምሬቱን የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል እንጂ አለርጂ የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን አያጠፋም፤ ጣዕሙ የጣፈጠ ግብጦ ለዚህ ልጅ ደኅና አልሆነለትም።

አብሽም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ በበርበሬያችን፣ በንጥር ቅቤያችን፣ አንዳንዴም በዳቦአችን ውስጥ አለ። በኖርዌይ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች አብሽ ያለበት ቅመም በልተው እንደታመሙ ተመዝግቧል። እዚህ ላይም ግን ፍርዴ ከፊተኛው ጋር አንድ ነው፤ በበርበሬ የተሠራ ወጥ በሰላም የሚበላ ልጅ አብሽን ይችላል ማለት ነው፤ ወጥ ሲበላ ምክንያቱ ያልታወቀ ማሳከክ የሚደርስበት ልጅ ግን አብሽ በምርመራው ውስጥ እንዲካተትለት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሐኪሙ በበርበሬያችን ውስጥ አብሽ እንዳለ ላያውቅ ይችላልና።

ሁለተኛው ስሕተት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ኦቾሎኒ ጥራጥሬ ከሆነ ካሹና አልመንድ ምንም አይሉኝም ብለው የሚደመድሙ አሉ። በእንግሊዝኛ ትሪ ነትስ የሚባሉት የዛፍ ለውዞች ከኦቾሎኒ በዝምድና የራቁ ቢሆኑም የክምችት ፕሮቲኖቻቸው በቅርጽ ይመሳሰላሉ፤ አለርጂ የያዘው ሰውም ለሌላው የተጋለጠ ነው። የኦቾሎኒ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች በተለያዩ ጥናቶች ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለአንድ የዛፍ ለውዝ አለርጂ እንዳለባቸው ተገኝቷል። ከእነዚህ ውጭ ያሉት ግን የዛፍ ለውዝ መብላት ይችላሉ፤ የትኛውን እንደሚችሉ የሚወስነው የየአንዳንዱ ምርመራ ነው። የ2004ቱ የአሜሪካ የምግብ አለርጂ ሕግ ኦቾሎኒንና የዛፍ ለውዝን ለየብቻ እንዲጻፉ ያዘዘው እንደ ሁለት የተለያዩ አለርጂ ቀስቃሾች ቆጥሯቸው ነው፤ አንዱን የሚጠቅስ ማሸጊያ ስለ ሌላው ምንም አይነግራችሁም።

ለምግብ ቤት ባለቤቶችና ለድግስ አብሳዮች የምለው ይህን ነው። ኦቾሎኒ የተቀላቀለበትን ቆሎ ፍሬውን ለቅሞ ማውጣት አያጸዳውም፤ ዱቄቱና ቅባቱ ገብሱ ላይ ቀርቷልና። ኦቾሎኒ የተቆላበት ምጣድ በጨርቅ ብቻ ተጠርጎ ሽምብራ ቢቆላበት ሽሮው ራሱ አደገኛ ይሆናል፤ እንዲያ ሲሆን ልጁን ያመመው ሽምብራው ሳይሆን ምጣዱ ነው፣ ቤተሰቡ ግን ሽምብራውን ይወነጅላል። የለውዝ ሻይ የተበጠበጠበት ማሰሮና ማንኪያ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። ደንበኛ ሲጠይቃችሁ ለውዝ የለበትም ብቻ ብላችሁ አትመልሱ፤ አንዱ ለውዝ ሲል ኦቾሎኒን፣ ሌላው አልመንድን ያስባልና ሁለቱንም በየስማቸው ጥሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጁ በስሕተት ቢበላ፣ ሽፍታ ወይም እብጠት ከትንፋሽ ማጠር፣ ከድምፅ መጎርነን፣ ከተደጋጋሚ ማስመለስ ወይም ከራስ ማዞር ጋር ከመጣ ጊዜ አታጥፉ። ለድንገተኛ ከባድ አለርጂ የሚሰጠውን መርፌ፣ ኤፒነፍሪኑን፣ በጭኑ መካከል በውጭ በኩል ውጉት፤ በልብስ ላይም ይወጋል። 911 ደውሉ፣ ልጁን አስተኙና እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ካስቸገረው ብቻ ይቀመጥ፣ እንዲቆምና እንዲራመድ ግን አታድርጉት። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተሻለው ሁለተኛው መርፌ ይሰጠዋል። የማሳከክ ክኒን ሽፍታውን ሊያስታግስ ይችላል፤ የሚዘጋን የመተንፈሻ ቧንቧ ግን አይከፍትም።

ያሰብነው ልጅ በየጊዜው እንደገና መመርመር አለበት። የኦቾሎኒ አለርጂ ካለባቸው ልጆች ከአምስቱ አንዱ ገደማ እያደጉ ሲሄዱ ይለቃቸዋል፤ ይህም የሚታወቀው ሐኪም ባለበት ኦቾሎኒውን በጥቂት በጥቂቱ አቅምሶ በማየት ነው። እስከዚያው ድረስ ኦቾሎኒና ግብጦ አይነካም፤ ሽሮውንና ምስሩን እንደ ወትሮው ይበላል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እሄዳለሁ።