ትርፍ አንጀት በአልትራሳውንድ፦ ቱቦውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን እንይ

[ምስል፦ የአልትራሳውንድ ክፍል]

ተራኪ፦ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከቢቸና ደብረ ማርቆስ መጥቶ ተኝቷል እንበል። ትናንት እምብርቱ ዙሪያ ያመው ነበር። ዛሬ ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወርዷል።

ሐኪሟ ጄል ቀባችውና «በጣም የሚያምህን ቦታ በአንድ ጣትህ አሳየኝ» አለችው። እዚያው ላይ ፕሮቡን፣ ማለትም በእጇ የያዘችውን የአልትራሳውንዱን መሣሪያ፣ ቀስ ብላ መጫን ጀመረች። ስትጫን ጋዙ ገለል ይላል። ጤነኛ አንጀት ደግሞ ይጨፈለቃል፣ ይንቀሳቀሳልም።

[ምስል፦ በስክሪኑ ላይ ክብ በክብ ውስጥ]

ይሄኛው ግን አልተጨፈለቀም። ጫፉ የተዘጋ፣ የማይንቀሳቀስ ቱቦ ነው፤ ትርፍ አንጀቱ ማለት ነው። ከውጭ እስከ ውጭ ስትለካው 7 ሚሊ ሜትር ሆነ።

አብዛኛውን ጊዜ ከ6 በላይ ሲሆን ትርፍ አንጀቱ አብጧል ብለን እንጠረጥራለን። ግን 7 ብቻውን አይፈርድም። ውስጡ ጋዝ ወይም ሰገራ ስላለ ብቻ ከ6 የሚያልፍ ጤነኛ ትርፍ አንጀት አለ። እኔ እንዲህ ያለ አጠራጣሪ ልክ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ስቡ ነው።

[ምስል፦ በቱቦው ዙሪያ የነጣ ስብ]

በግ ሲታረድ አንጀቱን የሚሸፍነውን ሞራ ታውቁታላችሁ። እኛም ሆድ ውስጥ እንዲሁ አለ። ጤነኛ ስብ በአልትራሳውንድ ግራጫ ነው፤ ሲጫኑት ይለሰልሳል። አጠገቡ ያለው ቱቦ ሲቆጣ ስቡም ያብጣል፣ ይነጣል፣ ይጠጥራል። የልጁ ስብ እንዲህ ሆኖ ነበር።

[ምስል፦ ሲቲ ስካን]

በሲቲ ጤነኛ ስብ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ሲቆጣ ፈሳሽ ይገባበታል። ፈሳሹ ከስብ ስለሚነጣ በጠቆረው ላይ ጭረት ጭረት ይወጣል።

ስቡም ቢሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሌላ አንጀት ቁጣ፣ በሴቶች ደግሞ የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን ስቡን ሊያነጣው ይችላል። ስለዚህ የነጣው ስብ ያበጠውን ቱቦ ከቦት መገኘት አለበት።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበትን ልንገራችሁ። ወረቀቱ ላይ «ትርፍ አንጀቱ አልታየም» ከተባለ «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም። ከትልቁ አንጀት ጀርባ ተደብቆ፣ ወይም ጋዝ ጋርዶት ሊሆን ይችላል። ከፈነዳ ደግሞ ቱቦው ሊሟሽሽ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀረው ምልክት የነጣው ስብና የተጠራቀመው ፈሳሽ ነው። ሕመሙ ካልለቀቀ ሐኪሙ ሆዱን ደግሞ መመርመር፣ አልትራሳውንዱን መድገም ወይም ሲቲ ማዘዝ አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ሲቲ ጨረር ስላለው መጀመሪያ የሚታሰበው አልትራሳውንድ ነው።

የልጁ እናት «ሲቲ የሚሉት አይቀርበትም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሟም «እማዬ፣ ለእሱ አያስፈልገውም። ቱቦውም ስቡም ተናግረዋል» አለቻቸው። ከዚያ ስልኩን አንስታ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ጠራች።